እህልን በጆንያ ወይስ አየር በማያሳልፍ ከረጢት ማኖር ይሻላል?

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የቀረበ ትምህርት

በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖር ቤተ ሰብ ለዓመት የሚሆነውን እህል በብዛት የሚገዛው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ስለ ምን ቢሉ፤ አዲሱ እህል ከአውድማ ተነሥቶ ወደ ገበያ የሚወጣው በዚያ ወራት ስለ ሆነ ዋጋው ይረክሳል። በጅማ መንገድ በአየር ጤና በኩል፤ በአምቦ መንገድ ደግሞ በአስኮ በኩል የሚገባው ጤፍና ስንዴ፤ በቆሎና ሽንብራ በኩንታል እየተሸጠ ወደ ቤት ይገባል። ከዚህ በኋላ ግን ያው እህል እስከ ክረምቱ መጨረሻ፤ ማለት እስከ መስከረም፤ በቤት ውስጥ ሊቀመጥ ነው። በርካሽ የተገዛው እህል በሐምሌና በነሐሴ ሲፈታ ነቀዝ የበሳው ወይም ሻጋታ ያገኘው ሆኖ ቢገኝ፤ በጥር የተረፈው ገንዘብ በክረምት ጠፋ ማለት ነው፤ ሌላ እህል መግዛትም ግድ የሚሆነው ዋጋው በተወደደበት ወር ነው።

ስለዚህ ዛሬ በገበያ ሁለት ዓይነት ማኖሪያ ይገኛል። አንደኛው የተሸመነው ጆንያ ነው፤ ይኸውም ከቃጫ የተሠራው የጥንቱ ጆንያና ሕዝቡ «ማዳበሪያ» እያለ የሚጠራው ከፕላስቲክ ክር የተሸመነው ነው። ሁለተኛው አየር የማያሳልፈው ከረጢት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው የትኛው ለየትኛው እህል፤ ለስንት ወርና በምን ወጪ እንደሚሻል ነው። ነገሩ ሁሉ የተመሠረተበትን አንድ ቃል ግን አስቀድመን እንናገራለን፤ ከረጢት እህልን አያደርቅም። የደረቀውን ደረቅ እንደ ሆነ፤ የረጠበውንም ርጥብ እንደ ሆነ ይጠብቃል እንጂ።

1ኛ፤ የሁለቱ ማኖሪያዎች ጠባይ

የተሸመነ ጆንያ ይተነፍሳል። በክሮቹ መካከል ባለው ቀዳዳ አየር ይገባል፤ ይወጣል፤ ከአየሩም ጋራ እርጥበት ይገባል፤ ይወጣል። ይህ ጠባዩ በበጋ መልካም ነው፤ ስለ ምን ቢባል፤ ጥቂት እርጥበት የቀረው እህል በታኅሣሥና በጥር ደረቅ አየር ውስጥ ጆንያው ሳይፈታ እንኳ ቀስ በቀስ ይደርቃል። በክረምት ግን ያው ጠባይ ጉዳት ይሆናል። እህል በዙሪያው ካለው አየር እርጥበት ይጠጣልና፤ የአየሩ እርጥበት ከመቶ 70 ሲሆን ስንዴ ከመቶ 13 ተኩል እስከ 14 ያህል ውሃ ይይዛል፤ የአየሩ እርጥበት እስከ 80 ከፍ ብሎ ብዙ ሳምንት የቆየ እንደ ሆነ ግን የስንዴው ውሃ ወደ 16 ይጠጋል። በአዲስ አበባ የሐምሌና የነሐሴ አየር እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ በጥር በሚገባ ደርቆ በጆንያ የገባ ስንዴ፤ ማንም ውሃ ሳያፈስበት በነሐሴ ርጥብ ሆኖ ይገኛል። ከሁሉ በፊት የሚረጥበውም ከግድግዳና ከመሬት ጋራ የተነካካው ጐኑ ነው።

ነቀዝም በጆንያው ቀዳዳ እንደ ልቡ ይመላለሳል። ከጎረቤቱ ጆንያ ወደዚህኛው ይሻገራል፤ ወይም በአሮጌው ጆንያ ስፌት ውስጥ ተደብቆ ከአምናው እህል ወደ ዘንድሮው ይተላለፋል።

አየር የማያሳልፈው ከረጢት ግን ሌላ ነው። በብዙ ስፍራ የታወቀው ዓይነት ሦስት ድርብ አለው፤ በውስጥ ሁለት ወፍራም የላስቲክ ከረጢቶች፤ በውጭ ደግሞ እነርሱን የሚሸከም አንድ የተሸመነ ጆንያ። ይህ ዘዴ የተጀመረው በካሜሩን ነው። በአሜሪካ አገር ያለው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1987 ዓመት ጀምሮ ከካሜሩን ባለሙያዎች ጋራ ሆነው፤ ገበሬዎች አደንጓሬ መሰል ጥራጥሬያቸውን ከነቀዝ የሚያድኑበትን ርካሽ መንገድ ሲፈልጉ ያገኙት ነው። ከ2007 ወዲህ «ፒክስ» በሚል ስም በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተሰራጭቷል፤ በአገራችንም ይሸጣል። አንድ ላስቲክ ብቻ ያለው ሌላ ዓይነትም አለ፤ እርሱ ከጆንያ ውስጥ ገብቶ ይታሰራል።

ሥራው እንዲህ ነው። ነቀዝ እንደ ማናቸውም ነፍስ ያለው ፍጥረት ይተነፍሳል፤ በሚተነፍስበትም ጊዜ ኦክሲጅን የተባለውን የአየር ክፍል ይጨርሳል። ከረጢቱ በሚገባ የታሰረ እንደ ሆነ ከውጭ ሌላ ኦክሲጅን ስለማይገባለት በጥቂት ቀኖች ውስጥ መብላቱን ይተዋል፤ መውለዱንም ያቆማል። ነቀዝ ውሃ አይጠጣም፤ ለሰውነቱ የሚያስፈልገውን ውሃ የሚያገኘው የበላውን እህል በኦክሲጅን ኃይል ለውጦ ነው። ስለዚህ ኦክሲጅኑ ሲያልቅ በመታፈን ብቻ ሳይሆን በውሃ ጥም ጭምር ይሞታል። በዚህ ሁሉ መርዝ አልገባም።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በሐረርጌ ገበሬው ማሽላውን በጉድጓድ ቀብሮ አፉን በአፈር ሲደፍነው የሚሠራው ይኸንኑ ሥራ ነው። ጉድጓድ የቆየበት ሰውም አፉ እንደ ተከፈተ ወዲያው ወደ ውስጥ መግባት ሰው እንደሚገድል ያውቃል፤ የሚገድለውም የኦክሲጅን መጥፋት ነው። የጉድጓዱ ጕድለት ግን ከግንቡ የሚገባው የመሬት እርጥበት ነው፤ ስለዚህ ከዳር ያለው እህል ይበላሻል። ላስቲኩ አየሩንም እርጥበቱንም ባንድ ጊዜ ስለሚከለክል ይህን ጕድለት ያስቀራል።

2ኛ፤ አስቀድሞ እርጥበቱን ስለ መመርመር

ስንዴ፤ በቆሎና ገብስ አየር በማያሳልፍ ከረጢት የሚገቡት ከመቶ 13 ወይም ከዚያ ያነሰ ውሃ ሲኖራቸው ነው። ከዚህ በላይ የሆነ እህል ታሽጎ ቢቀመጥ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ላስቲኩ ውስጥ ጠል ይሠራል፤ እህሉ ይኮመጥጣል፤ ሽታውም ይለወጣል፤ ለዘር ቢፈለግ አይበቅልም፤ ገብስም ከሆነ ብቅል አይሆንም። በጆንያ ቢቀመጥ ግን ያው ርጥብ እህል ጥቂት ሊደርቅ በቻለ ነበር። ስለዚህ ርጥብ እህልን በውዱ ከረጢት ከማሸግ በጆንያ ማቆየት ይሻላል።

በጥርስ ሰብሮ «ቀጭ» ሲል መስማት የቆየ ልማድ ነው፤ ለብዙ ልምድ ላለው ሰውም ይረዳል። ነገር ግን ሁሉ ሰው እኩል አይሰማውም። በትምህርት ቤት መሣሪያ ሳይኖር ሊደረግ የሚቻለው የጨው ፈተና ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። አንድ ንጹሕና ፈጽሞ ደረቅ የመስተዋት ጠርሙስ ከነክዳኑ ይዘጋጅ። ጨው በምጣድ ላይ ተሞቆ ከደረቀ በኋላ ይቀዝቅዝ። ከኩንታሉ መካከል የተቀዳ እህል ጠርሙሱን ሢሶ እስኪሞላ ይጨመር፤ በላዩም ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ይደረግበት። ክዳኑ ተዘግቶ አንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ከተናወጠ በኋላ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ቢገኝ እህሉ ከመቶ 15 በላይ ውሃ አለው፤ አይታሸግም። ጨው ሳይጣበቅ ወደ ታች ቢወርድ ከ15 በታች ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበት ነገር አለ። ፈተናው የሚያስታውቀው 15ን ነው እንጂ 13ን አይደለም። ስለዚህ ጨው ያልተጣበቀበት እህል ወዲያው አይታሸግም፤ በሸራ ወይም በሰሌን ላይ በስሱ ተዘርግቶ አንድ ወይም ሁለት ሙሉ የፀሐይ ቀን ይሰጣ፤ በየጊዜው ይገላበጥ፤ ማታ ጠል ሳይወድቅ ይሰብሰብ። ካስሰጡትም በኋላ እስኪቀዝቅዝ ቆይቶ ይታሸግ፤ ትኩስ ሆኖ የታሸገ እህል ሌሊት ሲቀዘቅዝ በላስቲኩ ላይ ጠል ያወጣልና። በባዶ መሬት ላይ ማስጣት ግን ከአፈሩ እርጥበትና ሻጋታ ስለሚያመጣ አይገባም።

የእርጥበት ነገር የገንዘብም ነገር መሆኑን ተማሪዎች በቁጥር ቢያዩት ይጠቅማቸዋል። ከመቶ 16 ውሃ ያለው አንድ ኩንታል ስንዴ ተገዛ እንበል። በ100 ኪሎው ውስጥ 16 ኪሎ ውሃ፤ 84 ኪሎ ደረቅ ነገር አለ። ውሃው ወደ 13 እንዲወርድ ከተፈለገ ያው 84 ኪሎ ከመቶው 87ቱን እጅ መሆን አለበት። 84 በ87 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 96 ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል። እንግዲህ 3 ኪሎ ተኩል ውሃ መውጣት አለበት፤ ገዢውም ይህን 3 ኪሎ ተኩል በስንዴ ዋጋ ከፍሎበታል ማለት ነው። የጨው ጠርሙስ ይዞ ገበያ የሚሄድ ሰው ይህን ዋጋ ከመክፈሉ በፊት ሊከራከር ይችላል።

ሻጋታ በያዘው እህል ላይ ጥቂት ቃል እንጨምር። በበቆሎና በለውዝ ላይ በተለይ የሚያድግ አንድ ዓይነት ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያወጣል፤ ይህ መርዝ ጉበትን የሚጐዳ ነው፤ በመቁላትና በመጋገርም አይጠፋም። አየር የማያሳልፍ ከረጢት ይህን መርዝ አያስወጣም፤ እህሉ ደርቆ ከገባ ግን ሻጋታው ከዚያ ወዲያ እንዳያድግ ያደርጋል። ስለዚህ የሻገተው አስቀድሞ ተለቅሞ ይጣል፤ ለላም ቢሰጥም መርዙ ወደ ወተቱ ያልፋል።

3ኛ፤ እህሉን ለይቶ ስለ መምረጥ

እህል ሁሉ ለነቀዝ እኩል አይደለም። ጤፍ ፍሬው እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ነቀዝ ገብቶ የሚያድግበት ስፍራ አያገኝም። ስለዚህ ደረቅና ንጹሕ ጤፍ በተሸመነ ጆንያ ቢቀመጥ ከነቀዝ የሚደርስበት ጉዳት ኢምንት ነው፤ የሚፈራለት እርጥበትና አይጥ ነው። ጤፍን በውድ ከረጢት ማሸግ ስሕተት ባይሆንም ብዙ ጊዜ ወጪው ትርፍ አያመጣም።

ስንዴ፤ ገብስ፤ ማሽላና በቆሎ ግን የነቀዝ ምግብ ናቸው። እናቲቱ ነቀዝ ፍሬውን በአፏ በስታ እንቁላሏን ታገባበታለች፤ ቀዳዳውንም ትደፍነዋለች። ትሉ በፍሬው ውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ነቀዝ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ «ስገዛው ነቀዝ አልነበረውም» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ነቀዙ በፍሬው ውስጥ ነበር እንጂ። በሞቃት አገር ይህ ሁሉ በአምስት ሳምንት ያህል ይፈጸማል። ኮልፌ ቀራንዮ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ያለው ቀዝቃዛ አገር ስለ ሆነ እድገቱ ከእጥፍ በላይ ይዘገያል። ይህ ለሁለትና ለሦስት ወር ለሚቀመጥ እህል ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ለሰባትና ለስምንት ወር ለሚቀመጥ ግን አይበቃም። እህሉ በወጥ ቤት በምድጃ አጠገብ የተቀመጠ እንደ ሆነም ያገራችን ብርድ አይጠብቀውም።

ከሁሉ ይልቅ ፈጥነው የሚጐዱት ሽንብራና እንደ እርሱ ያሉት ጥራጥሬዎች ናቸው። የሽንብራ ነቀዝ እንቁላሉን በፍሬው ላይ ይለጥፋል፤ በዓይን ሲታይ እንደ ነጭ ነጥብ ነው። ይህ ነጥብ የታየበት ሽንብራ ለወራት ሳይፈጭ የሚቀመጥ ከሆነ ሳይዘገይ አየር በማያሳልፍ ከረጢት መታሸግ አለበት። ተቆልቶ፤ ተከክቶ ሽሮ ለሚሆነው ግን ይህ ወጪ አያስፈልግም።

4ኛ፤ አንድ ቤት እንዴት እንደሚመርጥ በምሳሌ

ስድስት ሰዎች ያሉበት የኮልፌ ቤት በጥር መጨረሻ ሁለት ኩንታል ጤፍ፤ ሁለት ኩንታል ስንዴና 50 ኪሎ ሽንብራ ገዛ እንበል። በየወሩ 50 ኪሎ ጤፍና 25 ኪሎ ስንዴ ያወጣል።

ጤፉ ከየካቲት እስከ ግንቦት በአራት ወር ያልቃል፤ ክረምት አያገኘውም፤ ነቀዝም አይፈልገውም። ስለዚህ ሁለቱም ኩንታል በጆንያ ይቀመጥ። የስንዴው የመጀመሪያ ኩንታል ደግሞ እንዲሁ ከየካቲት እስከ ግንቦት ይበላል፤ በየሳምንቱም ይፈታል። አየር የማያሳልፍ ከረጢት በየሳምንቱ ከተፈታ አዲስ አየር ስለሚገባበት ዋናው ጥቅሙ ይቀራል፤ ስለዚህ ይህም በጆንያ ይሁን። ሁለተኛው ኩንታል ግን ከሰኔ እስከ መስከረም የሚበላው ነው፤ ነቀዝም ክረምትም ያገኙታል። አየር በማያሳልፍ ከረጢት መግባት ያለበት ይህ ነው። ከሽንብራው ግማሹ ለሽሮ ይቆላ፤ ሳይፈጭ የሚቆየው 25 ኪሎ በራሱ ትንሽ ከረጢት ይታሸግ። ከረጢቱ ሰፊ ቢሆን በውስጡ የቀረው አየር በእጅ ተጨምቆ ወጥቶ አንገቱ ከእህሉ አጠገብ ይታሰር።

እንዲህ ሲሆን አምስት ማኖሪያ ከሚያስፈልገው ቤት አየር የማያሳልፍ ከረጢት የሚያስፈልገው ለሁለት ብቻ ሆነ። ሁለተኛው ኩንታል ስንዴ በጥር ገና ርጥብ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ አይታሸግ፤ በጆንያ ሆኖ በበጋው አየር ይቆይ፤ ተሰጥቶ በጨው ከተፈተነ በኋላ የክረምቱ ዝናብ ሳይጀምር ይታሸግ። በሰኔ ዝናብ ከጀመረ ወዲያ ማድረቂያ ፀሐይ በቂ አይገኝም።

አሁን ወጪውን እንመልከት። የገበያ ዋጋ ስለሚለዋወጥ በብር ሳይሆን በስንዴ ኪሎ እንቈጥራለን፤ የሚከተለውም ለማስተማር የቀረበ ምሳሌ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ሰው በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይተካው። የአንድ ጆንያ ዋጋ የ1 ኪሎ ስንዴ ዋጋ፤ አየር የማያሳልፈው ከረጢት ዋጋ የ4 ኪሎ ስንዴ ዋጋ ነው እንበል። ጆንያው ሁለት ዓመት ቢያገለግል ለዓመት ግማሽ ኪሎ ይደርሰዋል። ከረጢቱ ሦስት ዓመት ቢያገለግል ለዓመት 1 ኪሎ ከሢሶ ይደርሰዋል። ልዩነቱ በዓመት ከ1 ኪሎ ያነሰ ነው። እንግዲህ ነቀዝ ከኩንታሉ 1 ኪሎ የሚበላ ከሆነ ውዱ ከረጢት ዋጋውን መለሰ።

ነቀዝ ምን ያህል እንደ በላ ለማወቅ 100 ፍሬ ስንዴ ሳይመረጥ ይቈጠር፤ ከዚያም የተበሱት ይለዩ። በስንዴ የክብደቱ ጉዳት በግምት ከተበሱት ቁጥር ግማሽ ነው። ከ100 ፍሬ 12 ቢበሳ ከኩንታሉ ወደ 6 ኪሎ ያህል ጐድሏል። ከላይ ባለው ምሳሌ ግን ከ100 ፍሬ 2 ብቻ ሲበሳ ከረጢቱ ዋጋውን ይከፍላል።

ነገር ግን ከረጢቱን አይጥ በመጀመሪያው ዓመት ቢበሳው፤ የ4 ኪሎው ዋጋ ሁሉ በአንድ ዓመት ላይ ይወድቃል፤ ልዩነቱም 3 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ያንጊዜ ወጪውን የሚመልሰው ከ100 ፍሬ 7 ሊበሳ የነበረበት እህል ብቻ ነው። ስለዚህ የዚህ ከረጢት ጥቅም የሚወሰነው በነቀዝ ብቻ ሳይሆን በአይጥም ነው። አይጥ ያልተከለከለበት ቤት አስቀድሞ ለድመትና ለወጥመድ ገንዘቡን ቢያወጣ ይሻለዋል።

5ኛ፤ ስለ አስተሳሰሩና ስለ አቀማመጡ

እህሉ ተነፍቶ፤ ተበጥሮ፤ ላስቲክ የሚወጋ እንጨት፤ ጠጠርና ገለባ ይወገድለት። ከዚያም እያንዳንዱ ላስቲክ ለየብቻው በአየር ተሞልቶ አንገቱ ይጠምዘዝና በክንድ ይጫን፤ አየር ሲያፈተልክ ከተሰማ ቀዳዳ አለው። ትንሽ ቀዳዳ በጥሩ ማጣበቂያ ፕላስተር ሊደፈን ይቻላል፤ የተሰነጠቀ ላስቲክ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አንደኛው ላስቲክ በሁለተኛው ውስጥ፤ ሁለቱም በተሸመነው ጆንያ ውስጥ ይግቡ። እህሉ በውስጠኛው ላስቲክ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይነቅነቅ፤ በጥግ የተያዘ አየር እንዳይቀር። ከላይ አንድ ክንድ የሚያህል አንገት ይቅር። በላይ ያለው አየር በእጅ ተገፍቶ ይውጣ፤ የውስጠኛው አንገት በደንብ ተጠምዝዞ፤ ወደ ታች ታጥፎ፤ በሲባጎ ይታሰር። ሁለተኛው ላስቲክ በዚሁ ዓይነት ለብቻው ይታሰር፤ በመጨረሻም የውጭው ጆንያ። ሦስቱን ባንድ ገመድ ማሰር አይገባም፤ አንዱ ቢላላ ሁሉም ይላላልና።

ከረጢቱ በመሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ፤ ከግድግዳም አንድ ክንድ ያህል ርቆ፤ ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ይቀመጥ። ከታሸገ በኋላ ከአንድ ወር በፊት አይፈታ። በየሳምንቱ ዙሪያውን መመልከት ግን ይገባል፤ የአይጥ ኩስ ወይም ከሥሩ የፈሰሰ ፍሬ ቢታይ ወዲያው ወደ ሌላ ከረጢት ይገለበጥ።

ሲፈታ ሦስት ነገሮች ይመርመሩ። በላስቲኩ ውስጥ ጠል ካለ ወይም እህሉ የኮመጠጠ ሽታ ከሰጠ እርጥበቱ ሳያልቅ ታሽጎ ነበር፤ ወዲያው ይሰጣ። የሚንቀሳቀስ ነቀዝ ከተገኘ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ወይም የላላ እስር አለ። የሞተ ነቀዝ ብቻ ከተገኘ ሥራው ተሳክቷል፤ ተነፍቶ ይጥራ። በጆንያ ለተቀመጠው እህል ደግሞ እጅን እስከ መካከሉ አግብቶ ሙቀቱን መሞከር ይገባል፤ መካከሉ የሞቀ እህል ነቀዝ ወይም ሻጋታ እየሠራበት ነው። አሮጌ ጆንያም አዲስ እህል ከመቀበሉ በፊት በፈላ ውሃ ተነክሮ በፀሐይ ይድረቅ።

6ኛ፤ በቤት ውስጥ ስለሚደረገው መርዝ ማስጠንቀቂያ

አንዳንድ ሰው በጆንያ ያለውን እህል ለማዳን የነቀዝ ክኒን ከገበያ ገዝቶ በጆንያው ውስጥ ይጨምራል። ይህ ክኒን የአየርን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ትነት ያወጣል። የተሸመነ ጆንያ አየር እንደሚያሳልፍ ከላይ ተናግረናል፤ ስለዚህ ትነቱ በጆንያው ውስጥ አይቀርም፤ ወደ ቤቱ ይወጣል። በኮልፌ ቀራንዮ እንዳለው ባለ አንድ ክፍል ቤት እህሉና ሕፃናቱ በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ መስኮትና በርም ለብርድ ሲባል ይዘጋል። እንዲህ ባለ ቤት አንድ ክኒን ቤተ ሰቡን በሌሊት ሊገድል ይችላል፤ ለዚህም ትነት ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ይህ መርዝ ሰው በማያድርበት መጋዘን፤ በተማረ ባለ ሙያ እጅ ብቻ የሚሠራበት ነው። አየር በማያሳልፈውም ከረጢት ውስጥ ይህን ክኒን መጨመር ከቶ አይገባም፤ ከረጢቱ ያለ እርሱ ሥራውን ይሠራልና፤ ሲፈታም የተከማቸው ትነት በሚፈታው ሰው ፊት ላይ ይወጣል። ውዱን ከረጢት ለመግዛት የሚያመነታ ሰው የዋጋውን ልዩነት ሲቈጥር ይህንንም ጨምሮ ይቍጠር።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. ከመቶ 18 ውሃ ያለው አንድ ኩንታል በቆሎ ወደ 13 እንዲደርቅ ስንት ኪሎ ውሃ መውጣት አለበት? (መልሱ 5 ኪሎ ከ750 ግራም ያህል ነው።)

2. በጨው ፈተና ጨው ያልተጣበቀበትን እህል በዚያው ሰዓት ማሸግ ለምን አይገባም?

3. እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ያለውን እህል ዓይነትና የሚቆይበትን ወር ጽፎ ያምጣ፤ የትኛው በጆንያ፤ የትኛው አየር በማያሳልፍ ከረጢት መቀመጥ እንዳለበት ከነምክንያቱ ያስረዳ። መልሱንም ከወላጆቹ ጋራ ተነጋግሮበት ይምጣ።